«ዳዝንት ሴልስ»፦ ሁለት የሚመስል አንድ ስህተት

«ሂ ሴል» እና «ሂ ዳዝንት ሴልስ» የእንግሊዝኛ መምህር ቀይ እስክሪብቶ እኩል ኤክስ የሚያደርግባቸው አባባሎች ናቸው። የመጀመሪያው በሦስተኛ መደብ ነጠላ ግሥ መጨረሻ ላይ መግባት የነበረባትን «ኤስ» ጥሏል። ሁለተኛው መጣል የነበረባትን ይዞ ቀርቷል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ የሚታረሙት በየፊናቸው ነው፤ «ኤስ» ስለ አሁን ጊዜ በሚያወራው ትምህርት፣ «ዱ» እና «ዳዝ» ደግሞ ከሳምንታት በኋላ አሉታና ጥያቄ ሲመጣ። ነገር ግን ሥራቸው ሲታይ ሁለቱ አንድ ስህተት ናቸው። አንድ ላይ ስለማይታረሙም ነው ተማሪው አንዱን ሲይዝ ሌላው የሚያመልጠው። እነሱን ለማያያዝ የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ በተማሪው አማርኛ ውስጥ አለ።

ኮልፌ አጣና ተራ አካባቢ የሚኖር የ7ኛ ክፍል ተማሪ ስለ አጎቱ አንድ አንቀጽ እንዲጽፍ ታዘዘ እንበል። አጎቱ አጣና ነጋዴ ነው። ተማሪው እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ «ማይ አንክል ሴል ዉድ ኢን ኮልፌ። ሂ ኖት ወርክ ኦን ሰንዴይ። ሂዝ ሰንስ ሄልፕስ ሂም። ሂ ዳዝንት ሴልስ ቻርኮል። ዌር ሂ ሊቭስ? ሂ ሊቭ ኢን አየር ጤና።» ስድስት ዓረፍተ ነገር፣ ስድስት ስህተት። መምህሩ ስድስቱንም በአንድ ዓይን ካየ ልጁ ምንም አያውቅም ብሎ ይደመድማል። ለየብቻ ሲታዩ ግን ልጁ የቱ ጋ እንደደረሰ በደንብ ይናገራሉ።

በቅድሚያ ጥፋቱ የአፍ እንዳልሆነ ማየት ይቻላል። ቃልን በተነባቢና በ«ስ» መዝጋት ለአማርኛ ተናጋሪ ብርቅ አይደለም፤ ልብስ፣ ገብስ፣ ነፍስ የሚል ምላስ «ኢትስ» ወይም «ስቶፕስ» ለማለት አይቸገርም። «አስክስ» ወይም «ሄልፕስ» ሲባል ተነባቢዎቹ ሦስት ስለሚሆኑ ትንሽ ይከብዳል፤ ሆኖም «ኤስ» ጸጥ ብሎ በሚጻፍ ደብተር ላይም ትጠፋለች። ስለዚህ ምክንያቱ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

ደጋግሞ የሚሰማው ማብራሪያ «አማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለው ነው» የሚል ነው። ይህ ትክክል አይደለም። በአማርኛ ግሥ ከባለቤቱ ጋር የማይስማማበት መደብ የለም፤ እሸጣለሁ፣ ትሸጣለህ፣ ትሸጫለሽ፣ ይሸጣል፣ ትሸጣለች እያለ ይቀጥላል። ችግሩ ከዚህ ሀብት ራሱ ይመነጫል ቢባል ያስኬዳል። በአማርኛ «ይሸጣል» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ማን እንደሚሸጥ የሚነግረው በግሡ ላይ ያለው ምልክት ስለሆነ ምልክቱ ከጠፋ መልእክቱም ይጠፋል። በእንግሊዝኛ ግን «ሂ» ወይም «ማይ አንክል» ሳይባል አይታለፍም። ባለቤቱ አስቀድሞ ተነግሯልና «ኤስ» የምትጨምረው አዲስ ወሬ የለም። ሥራ ያለው ምልክት የለመደ ጆሮ ሥራ የሌለውን ምልክት ችላ ቢል አያስገርምም። አንድ ስልክ ደዋይ «ሂ ሴል ዉድ» ቢል ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ሳይቸገር ይረዳዋል፤ ስለዚህ ስህተቱን ከትምህርት ቤት ውጭ የሚያርመው አይገኝም።

«ሂዝ ሰንስ ሄልፕስ» የሚለው ሌላ ዓይነት ነው። እዚህ ልጁ «ኤስ»ን አልረሳም፤ አስቦበት ነው የጨመራት። «ቡክስ»፣ «ሰንስ» ሲባል «ኤስ» ብዛትን እንደምታሳይ ተምሯል፤ «ኦች» በአማርኛ ስም ላይ እንደምታደርገው ማለት ነው። ልጆቹ ብዙ ከሆኑ ግሣቸውም «ኤስ» ይገባዋል ብሎ ያሰላል። ከቋንቋው ክፋት፣ ያችው ፊደል በስም ላይ ብዛት፣ በግሥ ላይ ነጠላነት ናት። ከዚህ ጋር አንድ የአማርኛ ነገር መጠርጠር ይቻላል፦ አክብሮት። ተማሪው ስለ አያቱ ሲጽፍ በልቡ ያለው «ይጸልያሉ» ነው፤ «እሳቸው» አንድ ሰው ሆነው ግሣቸው የብዙ ነው። «ማይ ግራንድፋዘር ፕሬይ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገኝ የተረሳ «ኤስ» ብቻ ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ «ሂ ዳዝንት ሴልስ»። «ይሸጣል» የሚለው ቃል ሲፈታ ሁለት ነው፤ «ይሸጥ» እና ረዳት ግሡ «አለ»። ሁለቱ ተጣጥፈው አንድ ሆነዋል። መጣጠፉ የሚታወቀው «አለ» በሌለበት ቦታ ነው፤ «ሲሸጥ»፣ «የሚሸጥ» ሲባል ረዳቱ የለም። በአሉታም እንዲሁ ነው፤ የ«ይሸጣል» አሉታ «አይሸጥም» ነው እንጂ «አይሸጣልም» አይደለም። በሴት ሲሆን ይበልጥ ይታያል። «ትሸጣለች» ውስጥ ሴትነት ሁለት ጊዜ ተነግሯል፣ በመነሻዋ «ት» እና በመጨረሻዋ «ለች»። በአሉታ «አትሸጥም» ሲሆን «ለች» ከረዳቱ ጋር ትሄዳለች፣ አንዷ ምልክት ብቻ ትቀራለች። አማርኛ አፉን የፈታበት ልጅ «አትሸጣለችም» ሲል አይሰማም። «ሺ ዳዝንት ሴልስ» ግን በእንግሊዝኛ ልክ «አትሸጣለችም» እንደማለት ነው።

የእንግሊዝኛውም እጥፋት በተመሳሳይ መንገድ ሊፈታ ይችላል። «ሴልስ» የሚለውን «ዳዝ» እና «ሴል» ተጣጥፈው አንድ የሆኑበት ቃል አድርጎ መውሰድ ነው። እንግሊዞች ነገሩን ለማጽናት ሲፈልጉ «ሂ ዳዝ ሴል ዉድ» ይላሉና የተደበቀው ረዳት ያኔ ፊት ለፊት ይወጣል። (ይህ ማስተማሪያ ዘዴ ነው እንጂ የ«ኤስ» ታሪክ አይደለም፤ «ኤስ» ከሰሜን እንግሊዝ አነጋገር መጥታ የደቡቡን «ዝ» የተካች ቅጥያ ናት። «ዱ» ደግሞ በአሉታና በጥያቄ ውስጥ የተስፋፋው በተለይ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከዚያ በፊት «ኖት» ከዋናው ግሥ ኋላ ይገባ ነበር።) እጥፋቱ ከተፈታ በኋላ አሉታው ቀላል ነው፤ «ኖት» በ«ዳዝ» እና በ«ሴል» መካከል ይገባል። ጥያቄውም ቀላል ነው፤ «ዳዝ» ከባለቤቱ ፊት ይዘላል። «ኤስ» በ«ዳዝ» ውስጥ ስላለች «ሴል» ራቁቱን ይቀራል። ከአማርኛው የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ አማርኛ በአሉታ ረዳቱን ያወጣል፣ እንግሊዝኛ ያስገባል።

ይህ አካሄድ ትክክል መሆኑን የሚያሳየው ስህተቱ በኃላፊ ጊዜም መደገሙ ነው። «ሺ ዲድንት ወንት» የሚል ተማሪ «ኤስ»ን አላሳሳተም፤ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ኤስ» የለችም። «ሺ ካን ስፒክስ» የሚለውም «ኤስ» ቢኖርበትም ከዚሁ ወገን ነው። የጋራው ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር መሸከም የሚገባው አንድ ምልክት በሁለት ትከሻ ላይ መጫኑ ነው። «ኤስ»ን ለብቻ እየደጋገመ የሚያስተምር መምህር «ዲድንት ወንት»ን ሊነካው አይችልም። ረዳት ግሥ ካለ ምልክቱ በእሱ ላይ ይቀመጣል፣ ዋናው ግሥ ይራቆታል ብሎ የሚያስተምር ግን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያገኛቸዋል።

ጥያቄ የራሱ ጣጣ አለው። በአማርኛ «አጎትህ አጣና ይሸጣል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ድምፅ ከፍ ብሎ ሲያልቅ ወይም «ወይ» ሲጨመርበት ጥያቄ ይሆናል፤ ቃል ቦታውን አይለቅም። «የት ይኖራል?» ሲባልም ከ«የት» ቀጥሎ ግሡ ነው። «ዌር ሂ ሊቭስ?» የዚህ ግልባጭ ነው። በልጁ አንቀጽ ውስጥ ይህች ጥያቄ «ኤስ»ን በትክክል ይዛለች፤ የጎደላት መፍታቱ ብቻ ነው። «ሂ ኖት ወርክ» የሚለውም «አይ» የምትለዋን መነሻ በ«ኖት» ተክቶ ማለፉ ነው።

ስለዚህ ስድስቱ ስህተቶች እኩል አይመዝኑም። «ሂ ኖት ወርክ» የጀማሪ ነው። «ዳዝንት ሴልስ» ግን አንድ እርምጃ ያለፈ ተማሪ ጽሑፍ ነው፤ ረዳቱ መግባቱን፣ ከነጠላ ባለቤት ጋር መስማማቱን አውቋል፣ የቀረው ዋናውን ግሥ ማራቆት ነው። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ፒት ኮርደር በ1967 (እ.ኤ.አ.) የተማሪ ስህተት ልጁ የገነባውን ሥርዓት የሚያሳይ ማስረጃ ነው ያለው እንዲህ ያለውን ነው። ለዚህ ልጅ «ኤስ አትርሳ» ብሎ መጻፍ ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

ሁሉም ነገር ከአማርኛ መጣ ማለት ግን አይቻልም። ኮልፌ ውስጥ ብዙ ልጅ ቤቱ የሚሰማው ስልጥኛ፣ ጉራግኛ ወይም ኦሮምኛ ነው። ሮጀር ብራውን በ1973 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት ደግሞ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆኑ ሕፃናት እንኳ የሦስተኛ መደቧን «ኤስ» ዘግይተው ከሚይዟቸው ምልክቶች መካከል አስቀምጧታል። «ዳዝ ሺ ጎዝ» ከእነዚያ ሕፃናትም አፍ ይሰማል። አማርኛ ስህተቱን አልፈጠረውም፤ መልክ ግን ይሰጠዋል፣ ለማረምም መንገድ ያሳያል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ አድርጓል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደረስ ማስተማሪያው ቋንቋም እሱው ነው። ያን ያህል ዓመት ተምሮ ስህተቱ የማይለቅበት አንዱ ምክንያት የመልመጃው ዓይነት ነው። ከአራት ምርጫ «ዳዝንት ሴል» የሚለውን ማክበብ የሚችል ተማሪ ባዶ ወረቀት ሲሰጠው «ዳዝንት ሴልስ» ይጽፋል፤ መምረጥ ማወቅን እንጂ መፍታትን አይጠይቅም። መፍታትን የሚጠይቀው ልምምድ አንድን ዓረፍተ ነገር በሦስት መልክ ማስጻፍ ነው፦ «ሂ ሴልስ ዉድ»፣ «ሂ ዳዝንት ሴል ዉድ»፣ «ዳዝ ሂ ሴል ዉድ?»። ከዚያ ተማሪው በየመስመሩ የሦስተኛ መደቧ «ኤስ» ያለችበትን ቃል ያሰምርበታል። ሦስት መስመር፣ ሦስት ሰረዝ መሆን አለበት፤ አራተኛ ሰረዝ ከተገኘ ስህተቱ እዚያ ነው። ባለቤቱን በ«ዜይ» ለውጦ ሲደግመው ሰረዞቹ ሁሉ ይጠፋሉ።

ልምምዱ ሲሰምር አዲስ ስህተት ያመጣል። ልጁ «ዳዝ»ን በየጥያቄው ማስገባት ይጀምርና ባለቤቱ ራሱ የሚጠየቅበትን «ሁ ሴልስ ዉድ?» ወደ «ሁ ዳዝ ሴል ዉድ?» ይለውጠዋል። እዚህ «ሁ» ራሱ ባለቤት ሆኖ ፊት ስለተቀመጠ «ዳዝ» የሚዘልለው ነገር የለም። «አይ ዶንት ኖው ዌር ዳዝ ሂ ሊቭ» የሚለውም ከዚያው ወገን ነው፤ ውስጥ ያለችው «የት እንደሚኖር» እንጂ «የት ይኖራል?» አይደለችም፣ ስለዚህ እጥፋቱ ሳይፈታ «ዌር ሂ ሊቭስ» ሆኖ ይቀራል። ልጁ በመጀመሪያው አንቀጹ የጻፋት፣ ያኔ ኤክስ የተደረገባት ሐረግ፣ እዚህ ትክክለኛ ቦታዋን ታገኛለች።