የልጅዎ ደብተር በማን ስም ነው?

ባንኮች የልጆች ቁጠባን ሲያስተዋውቁ ስለ ወለዱና ለሕፃናት ስለሚሰጡት የሳንቲም ማጠራቀሚያ ሣጥን ይነግሩናል። ወላጅም ገንዘቡን ማስቀመጡን እንጂ ደብተሩ ላይ የማን ስም እንደተጻፈ ብዙም አያስብበትም። ነገሩ የሚገባን ክፉ ቀን ሲመጣ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የሦስት ልጆች አባት ለመጨረሻ ልጁ በየወሩ ገንዘብ ያስቀምጣል እንበል። “ይሄ የእሷ ነው” እያለ ለቤተሰቡ ሁሉ ተናግሯል፤ ደብተሩ ግን በራሱ ስም ነው። 180 ሺህ ብር ሲሞላ አባት ኑዛዜ ሳይተው አረፈ። ባንኩ የሚያውቀው ሟቹን ብቻ ስለሆነ ወራሾች የፍርድ ቤት ማረጋገጫ እስኪያመጡ ገንዘቡ አይነካም። በጋብቻ ውስጥ የተጠራቀመ ስለሆነ ግማሹ፣ ማለትም 90 ሺው፣ የሚስቱ ድርሻ ነው። ዕዳ ከሌለበት ቀሪው ለሦስቱ ልጆች እኩል ይከፈላል። ሁሉም የተቀመጠላት ልጅ 30 ሺህ ብር ይደርሳታል። ማንም አልበደላትም፤ ሕጉ ያየው የአባትየውን ሐሳብ ሳይሆን የተጻፈውን ስም ነው።

በልጅ ስም የሚከፈተው ሒሳብ ከዚህ የተለየ ነው። ባለቤቷ ልጅቷ ስትሆን ወላጅ የሚፈርመው በሞግዚትነት ነው። (ሞግዚት ስንል ልጅ የምትይዘዋን ሠራተኛ እንዳይመስለን፤ በሕግ ቋንቋ የልጁን ንብረት የሚያስተዳድር ሰው ነው።) ለመክፈት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የወላጅ መታወቂያና ፎቶግራፍ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ እንደሚለው፣ አባትና እናት በትዳር ውስጥ እስካሉ ድረስ የልጃቸው ሞግዚቶች በጋራ ናቸው። አንዱ ከሞተ ሌላው ብቻውን ይቀጥላል። ባንክ ቤት ግን ብዙ ጊዜ የተመዘገበው የከፈተው ሰው ፊርማ ብቻ ነው። አባት ከፍቶ ቢሞት እናት በሕግ ሞግዚት ብትሆንም መስኮቱ ላይ ያንን በወረቀት እስክታስረዳ ትመላለሳለች። መፍትሔው ከመጀመሪያው የሁለቱንም ፊርማ ማስመዝገብ ነው። “በአንዳቸው ፊርማ ይውጣ” ወይስ “ሁለቱም ሲፈርሙ” የሚለውን ግን አስቡበት። ሁለተኛው ለገንዘቡ ጥሩ ጥበቃ ነው፤ ሆኖም እናት ለሥራ ዓረብ አገር ከሄደች ያለ ውክልና አንድ ብር አይንቀሳቀስም።

ወጪን በተመለከተ ገንዘብ ከፋዩ ፊርማውን እንጂ ገንዘቡ ለምን እንደሚወጣ አይመረምርም። ስለዚህ ብዙ ወላጅ ለቤት ኪራይ ሲቸገር ከልጁ ደብተር ያነሳል። በሕጉ ግን ሞግዚት የልጁን ገንዘብ ማዋል ያለበት ለልጁ ጥቅም ነው፤ ሞግዚትነቱ ሲያበቃም አያያዙን አስረድቶ ማስረከብ አለበት። በተለይ ወላጆች ከተፋቱ “ምን አደረግኸው?” የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ለትምህርት ቤትም ሆነ ለሕክምና ካወጡ ደረሰኙን ከደብተሩ ጋር ያስቀምጡ።

አንዳንድ ባንኮች ልጁ 14 ዓመት ሲሞላው ወደ ታዳጊዎች ሒሳብ ያሻግሩትና በሞግዚቱ ፈቃድ ትንሽ ትንሽ እንዲያወጣ ይፈቅዳሉ። ዋናው ለውጥ ግን 18 ላይ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የወላጅ ፊርማ አይሠራም፤ ልጁ በራሱ መታወቂያ ሄዶ የራሱን ፊርማ ያስመዘግባል።

እዚህ ጋ የሚያደናቅፈው የቀን መቁጠሪያችን ነው። ኅዳር 5 ቀን 2000 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 15 ቀን 2007 ነው የተወለደው። ሁልጊዜ 8 የሚደምር ሰው 2008 ብሎ ይመዘግበዋል። ልጁ ኅዳር 2018 ላይ 18 ሞልቶት ሲሄድ የባንኩ ኮምፒውተር ገና 17 ነው ይለዋል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የሚደመረው 7 ነው። የልደት ወረቀቱ፣ የፋይዳ መታወቂያውና የባንኩ መዝገብ በቀንም በስም አጻጻፍም አንድ መሆናቸውን ልጁ 18 ሳይሞላው ያረጋግጡ።

“18 ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ገንዘብ ይዞ ምን ይሆናል?” የሚል ወላጅ አለ፤ ስጋቱ እውነት ነው። እንዲህ የሚያሰጋው ሰው ትልቁን ገንዘብ በራሱ ስም ይዞ በኑዛዜ ለልጁ ይናዘዝለት። ካልሆነም በልጁ ስም ያስቀምጥና ቀኑ ሲደርስ ያስረክብ። በራስ ስም አስቀምጦ “የእሷ ነው” ማለት ብቻውን ግን ልጅቷን በ30 ሺህ ብር ያስቀራታል።