ልጅን በዕድሜው ልክ ስለ መዳኘት

«ሌባ ትልቅም ትንሽም የለውም፤ ትንሹን ዛሬ ያልቀጡት እንደ ሆነ ነገ ጎተራ ይሰብራል» የሚል ቃል በየአደባባዩ ሲነገር እንሰማለን። ይህን የሚሉ ሰዎች ወጣት አጥፊዎች የሚዳኙበትን ችሎት እንደ ማባበያ ስፍራ ይቈጥሩታል። እኛ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም እንላለን፤ ይህ ችሎት ለልጅ የሚያዳላ ሳይሆን ከትልቁ ችሎት የተለየ ጥያቄ የሚጠይቅ ነውና።

በሰቆጣ ዙሪያ ባለ አንድ ደጋ ቀበሌ ተቀጥሮ ፍየል የሚጠብቅ የ13 ዓመት እረኛ አለ እንበል። ሁለት ፍየሎች ጠፍተውበት፣ ጌታው እንዳይገርፈው ስለ ፈራ፣ ከጎረቤት መንጋ ሁለት ፍየሎች ወስዶ ቍጥሩን ሞላ። ይህን ያደረገው ትልቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ዐቃቤ ሕግ ክስ ይጽፍበታል፤ ሕዝብ በተሰበሰበበት ችሎት ይቆማል፤ ዋናውም ጥያቄ «ወስዷል ወይስ አልወሰደም?» የሚል ይሆናል። ነገሩ ከተረጋገጠ በኋላ ቅጣቱ ይበልጡን በጥፋቱ ክብደት ይሰፈራል።

የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለ ልጅ ሌላ መንገድ ቀየሰ። ፖሊስ ልጁን ሳይውል ሳያድር ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ያቀርበዋል። ጥፋቱ እጅግ ከባድ ካልሆነ በቀር የክስ ጽሑፍ አይዘጋጅም። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይጠራል፤ የሚቆምለት ዘመድ ከታጣ ጠበቃ ይሾምለታል። እስከ ቀጠሮውም ልጁ ለወላጁ ወይም ለታመነ ሰው በአደራ ይሰጣል። ነገሩ የሚሰማው በዝግ ቤት፣ ያለ ግርማና ያለ ማስፈራራት ነው። ለልጁ ጆሮ የማይገባ ቃል ሲነሣም ልጁ ለጊዜው ወደ ውጭ እንዲወጣ ይደረጋል።

ከዚህም በላይ ዳኛው ስለ ልጁ አስተዳደግ፣ ትምህርትና ጠባይ ወላጆቹንና መምህራኑን ይጠይቅ ዘንድ ሕጉ ሥልጣን ሰጥቶታል። የእረኛችን ጉዳይ እውነቱ የሚገለጠው በዚህ ጥያቄ ነው። ልጁን ወደ ፍየሎቹ የመራው ፍርሃት እንጂ የሀብት ምኞት አልነበረም። በፍርሃት የሰረቀውን ልጅ በትልልቅ እስረኞች መካከል ቢጥሉት ፍርሃቱ ይበረታል፤ ያላወቀውንም የስርቆት ጥበብ ይማራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ወጣት አጥፊዎች ከትልልቆች ተለይተው እንዲያዙ ማዘዙም ያለ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ዳኛው ልጁን ሊገሥጸው፣ ወይም በአጎቱ ቤት በጥበቃ ሥር ሆኖ እንዲማር ሊያዝ ይችላል። ፍየሎቹም ለባለቤታቸው ይመለሳሉ። ወደ ጠባይ ማረሚያ መላክ ግን ከሁሉ የከበደ እርምጃ ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ዘመኑን ከ1 እስከ 5 ዓመት ወስኖ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው እንዲያበቃ ያደርገዋል። የትልቅ ሰው ፍርድ አንድ ጊዜ ከተሰጠ የጸና ነው፤ ይህ ግን የልጁ ጠባይ ሲለወጥ ሊለወጥ ይችላል። እርምጃ የተወሰደበት ልጅም እንደ ወንጀለኛ አይቈጠርም። ማባበል ሳይሆን መመለሻ መንገድ ማዘጋጀት ይሉሃል ይህ ነው።

ይህን ሁሉ የሚከፍተው በር ግን ዕድሜ ነው፤ በዋግ ኽምራም የሚያስቸግረው እርሱ ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት የለውም። ቁመቱን አይቶ መገመትም ያሳስታል፤ ድርቅ በተመላለሰበት አገር ያደገ ልጅ ከዕድሜው ሊያንስ፣ ሥራ ያጠነከረው ደግሞ ከዕድሜው ሊበልጥ ይመስላልና። ነገር ግን ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና በምትነሣበት አገር ምስክር አይጠፋም። የክርስትና አባት፣ ቄሱ፣ በዚያው ዓመት የወለደች ጎረቤት ሁሉ ይጠየቁ። ይህ ሳይደረግ «16 ዓመት ይሆነዋል» ተብሎ በግምት የተመዘገበ ልጅ፣ በዚያች አንዲት ቍጥር ምክንያት ከዝግ ቤት ወደ አደባባይ ይወጣል።

በሕጉም ላይ የምንነቅፈው አለን። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት ቅጣቱን ሊያቀልለት ፈቅዶ፣ በሥነ ሥርዓቱ ግን ከትልልቆች ጋር አቆመው። የ16 ዓመት ልጅ ልብ ገና በመፈጠር ላይ መሆኑን መምህራን ሁሉ ያውቃሉ፤ በዝግ ቤት መሰማትም ለእርሱ ሊነፈገው አይገባም ነበር።

እንግዲህ «ትንሹን ቅጡት» የምትሉ ወገኖች ሆይ፣ አስቀድማችሁ ትንሹ ስንት ዓመቱ እንደ ሆነና ለምን እንዳጠፋ ጠይቁ። ያለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ ቅጣት ጎተራውን አይጠብቅም፤ ሰባሪውን ያሳድጋል እንጂ።