አማካዩ የደበቀው ጥያቄ፦ ለመጠይቅ አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

አንድ መጠይቅ የይዘት ተገቢነት አለው የሚባለው ጥያቄዎቹ ሊለካ የታሰበውን ጉዳይ ሲነኩና ከጉዳዩም የተዘለለ ክፍል ሳይኖር ነው። ይህን የሚመረምሩት ጉዳዩን የሚያውቁ ባለሙያዎች ናቸው። እያንዳንዱን ጥያቄ ከ1 (አይዛመድም) እስከ 4 (በጣም ይዛመዳል) ይመዝኑታል፤ 3 ወይም 4 የሰጡት ሰዎች ቁጥር ለመዛኞቹ ብዛት ሲካፈል የጥያቄው ኢንዴክስ ይወጣል። የእነዚህ አማካይ የመጠይቁ ኢንዴክስ ነው። ይህ ደብዳቤ የሚቃወመው አማካዩን ብቻ ጽፎ «ተገቢነቱ ተረጋግጧል» ብሎ የማለፍን ልማድ ነው።

የደም ግፊት ሕሙማን መድኃኒታቸውን በአግባቡ መውሰዳቸውን የሚለካ ባለ10 ጥያቄ መጠይቅ ለ6 ባለሙያዎች ቀረበ እንበል። በስምንቱ ጥያቄዎች ስድስቱም ተስማሙ፤ ኢንዴክሳቸው 1 ነው። ዘጠነኛውን አምስቱ ተቀበሉት፣ 0.83። «ከቤተሰብዎ የደም ግፊት ያለበት ሰው አለ?» የሚለውን ዐሥረኛውን ግን የተቀበሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው፣ 0.50። አማካዩ 0.93 ይሆናል፤ ብዙዎች እንደ በቂ የሚቆጥሩትን 0.90 አልፏል። ዐሥረኛው ጥያቄ ግን ስለ መድኃኒት አወሳሰድ የሚናገረው ነገር የለም። ሁሉም የተስማሙባቸው ጥያቄዎች ድርሻ ቢጻፍ ኖሮ 0.80 ሆኖ ነገሩ ይታወቅ ነበር። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ቢታይማ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ ሜሪ ሊን እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1986 ባወጣችው መስፈርት መዛኞቹ እስከ 5 ሲሆኑ ሁሉም፣ 6 ሲሆኑ ቢያንስ አምስቱ መስማማት አለባቸው። ጥብቅነቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስት ሰዎች ሳንቲም እየወረወሩ እንኳ ቢመዝኑ፣ ከስምንት አንድ ጊዜ ያህል ሦስቱም «ይዛመዳል» ይላሉ።

ዐሥረኛው ሲወጣ አማካዩ ወደ 0.98 ይወጣል። የከፋው ስሕተት ግን ከዚህ በኋላም ይቀራል፤ ሕመምተኛው መድኃኒቱን ያቋረጠው ገንዘብ አጥሮት ወይም ከፋርማሲ ጠፍቶበት እንደሆነ የሚጠይቅ አንድም ጥያቄ የለም። ኢንዴክሱ የሚቆጥረው ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ የጎደለውን አያሳይም። የሚያሳየው «ምን ተዘለለ?» የሚለው ክፍት ጥያቄ ነው፤ ከመመዘኛ ቅጾች በብዛት የሚቀረውም እሱ ነው። መዛኞቹ ሁሉ ከአንድ ትምህርት ክፍል የተሰበሰቡ ባልደረቦች ከሆኑ ደግሞ ቢጠየቁም የሚዘሉት አንድ ዓይነት ነገር ነው። በዚህ መጠይቅ ፋርማሲስትና በጤና ጣቢያ ሕሙማኑን የምትከታተል ነርስ ቢኖሩበት የዋጋው ነገር አይረሳም ነበር።

እንግዲህ ሪፖርቱ የመዛኞቹን ብዛትና ሙያ፣ የእያንዳንዱን ጥያቄ ኢንዴክስ፣ የወጣውን ጥያቄና የወጣበትን ምክንያት መያዝ አለበት። ጉድለቱን ለመሙላት ስለ ዋጋና ስለ አቅርቦት የሚጨመሩትን ጥያቄዎችም ገና ማንም አልመዘናቸውም፤ የቀድሞውን ቁጥር ይዘው ሊታተሙ አይገባም፣ ወደ ባለሙያዎቹ ተመልሰው ይመዘናሉ።