የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲደርስዎ

ከሥራ ቦታ «ሚክታቭ አዝሃራ»፣ ማለትም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ብዙ ጊዜ «ተባረርኩ» ብሎ ይደነግጣል። ደብዳቤው ግን ማባረሪያ አይደለም። እዚህ አገር አሠሪ ሠራተኛውን ከማሰናበቱ በፊት ለ«ሺሙዓ» ጠርቶ፣ ምክንያቱን አስቀድሞ ነግሮ፣ ቃሉን መስማት አለበት። ማስጠንቀቂያው ነገሩ እዚያ ሳይደርስ ለማስተካከል ዕድል የሚሰጥ ነው።

በአዛውንቶች ቤት ወጥ ቤት የምትሠራ አንዲት እናት እናስብ። ሥራዋ 7:00፣ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 1 ሰዓት ይጀምራል። ደብዳቤው በአማርኛ ቢገለበጥ እንዲህ ይላል እንበል፦

«ሜይ 4 ቀን 7:20፣ ሜይ 12 ቀን 7:25፣ ሜይ 19 ቀን 7:15 ገብተዋል። ሜይ 13 ቀን ስናነጋግርዎ የአውቶቡሱ ሰዓት እንደተቀየረ ነግረውናል። ሜይ 20 ቀን ደግሞ ቀደም ብሎ በሚነሣው አውቶቡስ ለመምጣት ተስማምተዋል። ሆኖም ሜይ 25 እና 28 ቀን 7:20 ገብተዋል። በሥራዎ ጥራት ቅሬታ የለንም። ከዛሬ ጀምሮ በ7:00 እንዲገኙ፣ ችግር ከገጠመዎም አስቀድመው እንዲደውሉ እንጠይቃለን። መዘግየቱ ከቀጠለ ለሺሙዓ ልንጠራዎ እንችላለን።»

ይህ ሚዛናዊ ደብዳቤ ነው። «ሁልጊዜ ትዘገያለሽ» አይልም፤ ቀኑንና ደቂቃውን ስለሚጽፍ ከሰዓት ካርዷ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ከሁሉም በላይ የአለቃው ቃል ብቻ ሳይሆን እሷ ስለ አውቶቡሱ የተናገረችውም ተጽፏል።

ችግር የሚመጣው ደብዳቤው «ብዙ ጊዜ ነግረንሻል» ብሎ ቀን ሳይጠቅስ ሲቀር፣ ወይም ያልነበረ ንግግር ነበረ ሲል ነው። ስለዚህ ልጅዎ ሲያነብልዎ በቅድሚያ ቀኖቹንና «ተነጋገርን» የሚሉትን ቦታዎች ያስነብቡ።

ፈርሙ ሲባል ብዙዎቻችን እንፈራለን። አልፈርምም ማለት ግን ደብዳቤውን አያስቀርም፤ አሠሪው «አልፈርምም አለች» ብሎ ይጽፍና ያስቀምጠዋል። የሚሻለው ከፊርማዎ አጠገብ ይዘቱን ተስማምቼ ሳይሆን ደብዳቤውን ብቻ ተቀብያለሁ ብሎ መጻፍ፣ ቀኑን ማስፈርና አንድ ቅጂ ይዞ መውጣት ነው።

ከዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይስጡ። የተሳሳተ ቀን ካለ የቱ እንደሆነ ይጥቀሱ። የተናገሩት ከተዘለለ «ሜይ 13 ቀን ስለ አውቶቡሱ ነግሬያችሁ ነበር» ብለው ያስገቡት። መዘግየቱ እውነት ከሆነም አይካዱት፤ ከአሁን በኋላ በየትኛው አውቶቡስ እንደሚመጡ፣ ወይም ሥራው በ7:30 እንዲጀምርልዎ እንደሚጠይቁ ይጻፉ። የዚህንም ቅጂ ያስቀሩ።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጣፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ነገ ሺሙዓ ቢመጣ ጠረጴዛው ላይ የሚወጣው ፋይሉ ውስጥ ያለው ነው። የእርስዎም ወረቀት እዚያው ይገኝ።