ወሩ የሚያልቀው ስንት ሰዓት ላይ ነው?

አንድ ድርጅት የማርች 2025 ገቢውን ከሁለት ቦታ ያነባል። የኢንቮይስ ሪፖርቱ 60,000 ዶላር ይላል፤ የክፍያ ዳሽቦርዱ 58,935 ዶላር። ልዩነቱ 1,065 ዶላር ነው። ቀጥሎ የሚሆነውን ሂሳብ የዘጋ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ሲስተሙ ተሳስቷል ይላል፤ ሌላው “የሰዓት ልዩነት ነው” ብሎ ያልፈዋል፤ በመጨረሻ መዝገቡ ላይ “ማስተካከያ” የምትል አንድ መስመር ትገባና ወሩ ይዘጋል። እኔ የምቃወመው ይህችን መስመር ነው። ልዩነቱ በእርግጥ ከሰዓት የመጣ ከሆነ እስከ መጨረሻዋ ዶላር በኢንቮይስ ቁጥር ሊዘረዘር ይችላል። ካልተዘረዘረ ግን ከሰዓት የመጣ ስለመሆኑ ምንም ማረጋገጫ የለም፤ የጠፋ ክፍያ እዚያው ውስጥ ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ድርጅቱ አዲስ አበባ ነው፤ አሜሪካ ለሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ልጆች አማርኛ የሚያስተምር መተግበሪያ በወር 15 ዶላር ይሸጣል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተዘጋጁ ናቸው፤ አሠራሩ ግን እውነተኛው ነው። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የኢንቮይስ ሪፖርቱ በአዲስ አበባ ሰዓት ይሠራል፤ አንድን ሽያጭ በወሩ ውስጥ የሚቆጥረውም ኢንቮይሱ በተፈጠረበት ቅጽበት ነው። ዳሽቦርዱ የውጭ የክፍያ ድርጅት ስለሆነ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ በዩቲሲ፣ ይሠራል፤ የሚቆጥረውም ካርዱ የተከፈለበትን ቅጽበት ነው። ስለዚህ ሁለቱ የሚለያዩት በሁለት ነገር ነው፤ በሰዓት ቀጠና እና በሚቆጥሩት ክስተት።

ከሰዓት ቀጠናው እንጀምር። አዲስ አበባ ዩቲሲን በ3 ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆኖ ኤፕሪል 1 ሲገባ፣ ዩቲሲ ገና ማርች 31፣ 21:00 ላይ ነው። ከዚያ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ለእኛ ኤፕሪል ነው፤ ለዳሽቦርዱ ግን ማርች። በወሩ መጀመሪያም ተመሳሳይ ሦስት ሰዓት አለ፤ እነሱን እኛ ማርች ስንላቸው ዳሽቦርዱ ፌብሩዋሪ ይላቸዋል። “ከ744 ሰዓት ውስጥ ሦስት ሰዓት ምን ያመጣል?” የሚለው ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው ሰዓታት ሁሉ እኩል ክፍያ ይዘው እንደሚመጡ ያስባል።

እነዚያ ሰዓታት አዲስ አበባ ላይ የእንቅልፍ ሰዓት ናቸው። ደንበኞቹ ያሉት ግን ዋሽንግተንና አካባቢዋ ነው። በፌብሩዋሪ መጨረሻ 21:00 ዩቲሲ ማለት በዋሽንግተን ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ማርች 9 ላይ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ስለገፉት ደግሞ በማርች መጨረሻ 11 ሰዓት ይሆናል። ልጆች ከትምህርት ቤት፣ ወላጆች ከሥራ ገብተው ስልካቸውን የሚያነሱት፣ “እስኪ ልጁን እናስመዝግበው” የሚሉትም ያኔ ነው። ወርሃዊ ደንበኝነት ደግሞ በተጀመረበት ሰዓት ስለሚታደስ፣ ማታ የተመዘገበ ሰው በየወሩ የሚከፍለውም ማታ ነው። እኛ ወሩን የምንዘጋበት ሰዓት ለደንበኛው የገበያ ሰዓት ሆኖ አረፈ ማለት ነው።

ፌብሩዋሪ ነገሩን ያከብደዋል። በ29፣ በ30 እና በ31ኛው ቀን የተመዘገቡ ደንበኞች በ2025 ፌብሩዋሪ ውስጥ የሚታደሱበት ቀን የላቸውም፤ ወሩ 28 ቀን ብቻ ነው። የተለመዱት የክፍያ ሲስተሞች እነዚህን ሁሉ ወደ ወሩ የመጨረሻ ቀን ይስቧቸዋል። ስለዚህ ፌብሩዋሪ 28 የአራት ቀን እድሳት ተከማችቶበታል፤ ማርች 31 ግን የያዘው የ31ኛውን ቀን ሰዎች ብቻ ነው። የወሩ ሁለት ጫፎች አይመጣጠኑም። ልዩነቱ በየወሩ መጠኑን፣ አንዳንዴም አቅጣጫውን የሚቀይረው በዚህ ምክንያት ነው። የባለፈውን ወር ልዩነት አይቶ “በዚህ ወርም ይህን ያህል ይሆናል” ብሎ መገመት የማያዋጣውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ክስተቱ ነው። ኢንቮይስ ሲፈጠር ካርዱ ሁልጊዜ ወዲያው አይከፈልም። ለምሳሌ ስትራይፕ የእድሳት ኢንቮይስን በረቂቅ መልክ አንድ ሰዓት ያህል አቆይቶ ነው የሚያጸድቀውና ክፍያውን የሚጠይቀው። በእኛም ምሳሌ ክፍያው ኢንቮይሱ ከተፈጠረ ልክ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይፈጸማል፣ ሁሉም ካርድ በመጀመሪያው ሙከራ ይሠራል እንበል። ዳሽቦርዱ ማርችን የሚጀምረው 00:00 ዩቲሲ ላይ ከተፈጸመ ክፍያ ነው፤ የዚያ ክፍያ ኢንቮይስ የተፈጠረው ግን 23:00 ላይ ነበር። እንግዲህ በኢንቮይስ ሰዓት ስንለካ በሁለቱ ሪፖርቶች መካከል ያለው ርቀት ሦስት ሰዓት ሳይሆን ሁለት ሰዓት ነው፤ ከ21:00 እስከ 23:00። አንዱ ምክንያት ሌላውን በከፊል ሸፍኖታል።

አሁን እንቁጠር። በኢንቮይስ ሪፖርቱ ማርች ውስጥ 4,000 ኢንቮይስ አለ። ፌብሩዋሪ 28 በእነዚያ ሁለት ሰዓታት 96 ኢንቮይስ ተፈጥሯል፤ ሪፖርቱ ማርች ላይ ሲያስገባቸው ዳሽቦርዱ ፌብሩዋሪ ላይ አስቀምጧቸዋል። ማርች 31 በተመሳሳይ ሰዓት 25 ተፈጥረዋል፤ እነዚህን ሪፖርቱ ለኤፕሪል ትቷቸዋል፣ ዳሽቦርዱ ግን ማርች ላይ ቆጥሯቸዋል። ከ4,000 ላይ 96 ቀንሰን 25 ስንደምር 3,929 ይሆናል። በ15 ሲባዛ 58,935 ዶላር። የጎደለችው 1,065 ዶላር ሙሉ በሙሉ ተገኘች፤ አንዲትም ዶላር አልጠፋችም።

ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ባለሙያ የዳሽቦርዱን ሪፖርት ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ይቀይረዋል፤ ልዩነቱ ዜሮ ይሆናል ብሎ ይጠብቃል። የሚያገኘው ግን 60,405 ዶላር ነው። ቀድሞ ያነሰው ዳሽቦርድ አሁን በ405 ዶላር በልጧል። ያቺ የአንድ ሰዓት መዘግየት አሁን ብቻዋን ቀርታለች፤ ፌብሩዋሪ 28 ከ20:00 እስከ 21:00 የተፈጠሩ 38 ኢንቮይሶች በአዲስ አበባ ሰዓት ማርች ሲገባ ተከፍለዋል፤ ማርች 31 በዚያው ሰዓት የተፈጠሩት 11 ደግሞ ኤፕሪል ላይ ወድቀዋል። 27 ኢንቮይስ፣ 405 ዶላር። ባለሙያው ይህን ካላወቀ “ችግሩ የሰዓት ቀጠና አልነበረም” ብሎ ትክክለኛውን ለውጥ መልሶ ያፈርሰዋል። ትክክል የሆነ እርምጃ የልዩነቱን ምልክት ሊገለብጠው እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ዜሮ የሚመጣው ቀጠናውም ክስተቱም አንድ ሲሆኑ ነው።

ታዲያ ከሰዓት የመጣውን ልዩነት ከእውነተኛ ጉድለት በምን እንለየዋለን? የመጀመሪያው መንገድ ሁለቱን ዝርዝሮች በኢንቮይስ ቁጥር ማገናኘትና በአንዱ ብቻ ያሉትን ማውጣት ነው። የሰዓት ጉዳይ ከሆነ የወጡት ሁሉ በወሩ ሁለት ጫፎች፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ታጭቀው ይገኛሉ። ማርች 14 ላይ የተፈጠረ አንድ ኢንቮይስ እንኳ ካለ እሱ ሌላ ታሪክ አለው፤ ምናልባት ካርዱ እምቢ ብሎ ከቀናት በኋላ እንደገና ተሞክሯል፣ ምናልባትም ጨርሶ አልተከፈለም። ሁለተኛው መንገድ ጊዜውን ማስረዘም ነው። የሦስት ወር ድምር ቢወሰድም ጫፎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከፌብሩዋሪ የወጣው ማርች ላይ ስለሚገባ የመሃሉ ድንበር ይጣፋል። የሰዓት ልዩነት ከጊዜው ርዝመት ጋር አያድግም። የሩብ ዓመቱ ልዩነት የወሩን ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ፣ ሰዓቱን ትቶ የአገልግሎት ክፍያ ተቀንሶ እንደሆነ፣ ተመላሽ ገንዘብ እንዴት እንደተቆጠረ ማየት ነው።

መረጃው ከፖስትግሬስ የሚወጣ ከሆነ ጥያቄው እንዲህ ይጻፋል፦

```sql
SELECT sum(amount) FROM payments
WHERE paid_at >= timestamp '2025-03-01 00:00'
        AT TIME ZONE 'Africa/Addis_Ababa'
  AND paid_at <  timestamp '2025-04-01 00:00'
        AT TIME ZONE 'Africa/Addis_Ababa';
```

የመጨረሻው ምልክት “ያንሳል” መሆኑን ልብ ይሏል። ብዙዎች `BETWEEN '2025-03-01' AND '2025-03-31'` ብለው ይጽፋሉ፤ ሁለተኛው ቀን እኩለ ሌሊት ተደርጎ ስለሚነበብ የማርች 31 ሙሉ ቀን ከሞላ ጎደል ይቀራል። ሌላው ወጥመድ `paid_at` ቀጠናውን የማያውቅ ዓይነት ሆኖ ውስጡ ግን የዩቲሲ ሰዓት ሲቀመጥ ነው። ያኔ በቀጥታ `paid_at AT TIME ZONE 'Africa/Addis_Ababa'` ማለት ሰዓቱን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይገፋዋል፤ ሴሽኑ በዩቲሲ ከሆነ የሚነበበው ሰዓት ከትክክለኛው የአዲስ አበባ ሰዓት በስድስት ሰዓት ይርቃል። እኛ ዘንድ ደግሞ ስድስት ሰዓት ሌላም ምንጭ አለው። አንድ ሠራተኛ የሌሊቱን 7 ሰዓት በእጁ 07:00 ብሎ ካስገባ ያው የስድስት ሰዓት ስህተት ይፈጠራል። ስለዚህ የተለያዩት ኢንቮይሶች በስድስት ሰዓት ውስጥ ተዘርግተው ከተገኙ እነዚህን ሁለቱን መጠርጠር ነው።

የትኛው ሰዓት ይመረጥ? የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ መረጃው በዩቲሲ ይቀመጥ፣ ወሩ ግን በአዲስ አበባ ሰዓት ይዘጋ። የመዝጊያው ሰዓት ሶፍትዌሩ ይዞት የመጣው ሳይሆን የሂሳብ ክፍሉ በጽሑፍ የወሰነው መሆን አለበት። ገበያው እዚያ ነው ተብሎ የዋሽንግተን ሰዓት ቢመረጥ በዓመት ሁለቴ ዋጋ ያስከፍላል፤ በ2025 ማርች 9 የ23 ሰዓት ቀን ነው፣ ኖቬምበር 2 ደግሞ የ25 ሰዓት። የአዲስ አበባ ቀን ሁልጊዜ 24 ሰዓት ነው።

ድርጅቱ ለግብር የሚዘጋው ደግሞ ማርችን ሳይሆን መጋቢትን ነው። መጋቢት 2017 ከማርች 10 እስከ ኤፕሪል 8 ነበር። የሂሳብ ክፍሉ የዳሽቦርዱን የማርች ድምር ወስዶ መጋቢት ብሎ ቢያስገባ ልዩነቱ በሰዓት ሳይሆን በቀናት ይለካል፤ ዳሽቦርዱም የኢትዮጵያን ወር ካላወቀ ድምሩን ሳይሆን ዝርዝሩን አውርዶ ራስ መደመር ግድ ነው። ሲወርድም ከሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ቀን ጨምሮ፣ ከማርች 9 እስከ ኤፕሪል 9፣ ማውረድ ይሻላል። የዩቲሲው ማርች 9 የመጨረሻ ሦስት ሰዓታት እኛ ዘንድ መጋቢት 1 ናቸውና፤ ፋይሉ ውስጥ ከሌሉ በኋላ በምንም ስሌት አይገኙም።