እርከን ውሃ ይያዝ ወይስ ያሳልፍ?

የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ትምህርት በሚሰጥባቸው ክፍሎች ስለ እርከን ሲነሣ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበሉት አንድ ሠንጠረዥ ነው። በአንዱ ዓምድ የአፈር እርከን፣ በሌላው ፋንያ ጁ፣ በሦስተኛው ጠረጴዛማ እርከን ይደረደራሉ፤ ከየስማቸውም አጠገብ ጥቅማቸውና ጉዳታቸው ይጻፋል። ሠንጠረዡ ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ የንጽጽሩን ዋና ጥያቄ ይዘለዋል ብለን እናምናለን። ይኸውም እርከኑ ወደ እርሱ የሚመጣውን ውሃ በቦታው ይያዝ ወይስ ቀስ አድርጎ ወደ ጎን ያሳልፍ የሚለው ጥያቄ ነው። ስለ እርከን የፊዚክስ ሰዎች ምን አገባቸው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ጉዳዩ ከመደመርና ከማባዛት በላይ ሒሳብ የማይጠይቅ የውሃ ሚዛን ጉዳይ መሆኑን ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

አስቀድመን ስሞቹን እናስተዋውቅ። በአፈር እርከን ላይ ቦዩ ከላይ በኩል ይቆፈርና አፈሩ ወደ ታች ተጥሎ ይከመራል። በፋንያ ጁ ግን ቦዩ ከታች በኩል ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይ ይወረወራል፤ ስሙም በስዋሂሊ ቋንቋ «ወደ ላይ ጣል» እንደ ማለት ሲሆን የመጣውም ከኬንያ ነው። አፈርን ወደ ላይ መወርወር ወገብ ይፈትናል። በምትኩ ግን ከላይ ታጥቦ የሚወርደው አፈር በቀጥታ ከክምሩ ጀርባ ስለሚቆም ማሳው ቶሎ እየተስተካከለ ወደ ጠረጴዛማ እርከንነት ይለወጣል። በአፈር እርከን ላይ ያው አፈር መጀመሪያ የሚሞላው ቦዩን ስለሆነ ቦዩ በየዓመቱ መጠረግ ይኖርበታል። ሁለቱም እንደ አካባቢው ፍጹም ደልዳላ ወይም በጥቂቱ ዘንበል ያሉ ሆነው ሊሠሩ ይችላሉ። ክርክራችን በዚህ የመጨረሻ ነጥብ ላይ ነው።

አንድ ማሳ እንውሰድ። ተዳፋቱ በ100 ሜትር 10 ሜትር የሚወርድ ይሁን። በአንዱ እርከንና በቀጣዩ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1 ሜትር ከሆነ አግድም ርቀታቸው 10 ሜትር ይሆናል። ቦዩ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ክምሩ ደግሞ ከሥሩ 1 ሜትር ስፋት ይኑረው፤ በመካከላቸውም አፈሩ ተመልሶ ቦዩ ውስጥ እንዳይገባ 25 ሳንቲ ሜትር ያልተነካ መሬት ይተው። እንግዲህ እርከኑ ከእያንዳንዱ 10 ሜትር ውስጥ 1.75 ሜትር ወስዷል ማለት ነው። ገበሬው ከማሳው ከስድስት እጅ አንዱን ገደማ እንደ ሰጠ ልብ እንበል። ተዳፋቱ እጥፍ ቢሆንና የከፍታ ልዩነቱ ባይለወጥ ኖሮ የሚሰጠው ከሲሶ በላይ በሆነ ነበር።

አሁን 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይዝነብ። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 40 ሊትር፣ ለእያንዳንዱ የእርከን ሜትርም ከላዩ ካለው የ10 ሜትር ቁራጭ 400 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። አፈሩ ደረቅና ስንጥቅጥቅ ከነበረ አብዛኛውን ይጠጣል። ሁለት ሦስተኛውን ጠጣ ብንል ወደ እርከኑ የሚደርሰው 130 ሊትር ያህል ነው። ቦዩ በሜትር 250 ሊትር ስለሚይዝ ውሃው ግማሹን ያህል ሞልቶ ይቆማል፤ ቀጣዩ ዝናብ እስኪመጣም ቀናት ካሉት ቀስ በቀስ ወደ ሥር ሰርጎ የሰብሉ ሥንቅ ይሆናል። ዝናቡ አጭርና ተራርቆ በሚመጣበት አገር ደልዳላው እርከን ያለ ጥርጥር ተመራጭ ነው። እዚያ ዘንበል ያለ እርከን ሠርቶ ውሃውን መሸኘት እህልን ከጎተራ አውጥቶ እንደ መበተን ይቆጠራል።

ይህንኑ እርከን ሳንለውጥ ክረምቱ ከባድ ወደ ሆነበት አገር እንውሰደው። በጎጃም ደምበጫ አጠገብ ያለችው የአንጀኒ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. በ1981 በተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ሥር ከነበሩት የጥናት ጣቢያዎች አንዷ ናት። በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም በክረምት ወራት ይወርዳል። በሐምሌ አጋማሽ አፈሩ እስከ ጉሮሮው ጠግቦ ሳለ ያው 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ሲሦውን እንኳን አይጠጣም። 300 ሊትር ወደ እርከኑ ወረደ እንበል። ቦዩ ባዶ ቢሆን እንኳን አይበቃውም፤ ከትናንት የቀረ ውሃ ካለበት ደግሞ ትርፉ ከክምሩ ጀርባ ማሳው ላይ ይተኛል።

የሚተኛው ውሃ የት ድረስ ይደርሳል? ከክምሩ ሥር 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ በ100 ሜትር 10 ሜትር በሚወርድ ተዳፋት ላይ ወደ ኋላ 3 ሜትር ይዘረጋል። ይህ ሦስት ማዕዘን በሜትር 450 ሊትር ይይዛል፤ ስለዚህ በጎርፍ መከላከል ዓይን ሲታይ እርከኑ ሥራውን ሠርቷል። ሰብሉ ግን ሥሩ በውሃ ታፍኗል። የአፈሩ ቀዳዳዎች በውሃ ሲሞሉ ኦክስጅን ወደ ሥሩ የሚደርስበት ፍጥነት እጅግ ይወርዳል፤ ጋዝ በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት ዐሥር ሺህ ጊዜ ያህል ቀርፎ ነውና። በእርከኑ ራስጌ ቢጫ ሆኖ የቀረ የገብስ ወይም የበቆሎ መስመር ያየ ሰው ይህንን ሒሳብ በዓይኑ አይቶታል። ፋንያ ጁ ከክምሩ በላይ ቦይ ስለሌለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚታፈነው የማሳ ስፋት ይብሳል።

በአንጀኒ እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠሩት ፋንያ ጁዎች ዘንበል ብለው የተሠሩ መሆናቸው እንግዲህ በቂ ምክንያት አለው። በፕሮጀክቱ ጣቢያዎች የተደረጉት ልኬቶች እርከኖቹ የአፈር መታጠብን በእጅጉ እንደ ቀነሱ አሳይተዋል። ምርት ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዚያው ልክ አልጨመረም፤ ከተወሰደው መሬትና ከሚተኛው ውሃ አንጻር ይህ ሊያስደንቀን አይገባም። ገበሬው እርከኑን ሲያፈርስ «ግንዛቤ ስለሌለው ነው» የሚለው የተለመደ ሐተታ ብዙ ጊዜ ያሳዝነናል። የጎጃምና የሸዋ ገበሬ በማሳው ላይ ፈሰስ እያወጣ ትርፍ ውሃን ሲያስወግድ የኖረ ነው። ፈሰሱ አለቅጥ ሲቀና አፈር እንደሚያጥብ፣ ቦረቦርም እንደሚጀምር እሙን ነው፤ ነገር ግን ውሃ መውጣት እንዳለበት ገበሬው ከሠንጠረዡ አስቀድሞ ያውቃል። በዚያ ማሳ ላይ ደልዳላ እርከን ሲጨመርበት የላይኛው ፈሰስ ውሃውን በአንድ ነጥብ ላይ ይደፋበታል፤ እርከኑም በዚያው ነጥብ ይሰበራል። የተጠራቀመው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ታችኛው እርከን ስለሚሄድ ስብራቱ ከላይ እስከ ታች እየተቀባበለ ይወርዳል። በየዓመቱ በዘመቻ የሚሠራው እርከን በኪሎ ሜትር ብቻ ተቆጥሮ ሲዘገብ ከዚህ ውስጥ አንዱም ነገር በቁጥሩ አይታይም።

ደልዳላም ሆነ ዘንበል ያለ እርከን የሚለካው በአንድ መሣሪያ ነው፤ እርሱም ሁለት እኩል ዘንጎች፣ 10 ሜትር ሲባጎና በመካከሉ የሚንጠለጠል ውሃ ልክ ነው። ስለዚህ ቀላል መሣሪያ ጥቂት ማለት እንወዳለን፤ ተማሪዎቻችን እንዲያሰሉት የምንሰጣቸው ጥያቄም ነው። ሲባጎ ምንም ያህል ቢወጠር መካከሉ ይረግባል። 10 ሳንቲ ሜትር ረገበ እንበል። ውሃ ልኩ በትክክል መካከሉ ላይ ከተንጠለጠለ መርገቡ ጉዳት የለውም፤ እዚያ ሲባጎው የሚያመለክተው አቅጣጫ የሁለቱን ጫፎች አቅጣጫ ነውና። ነገር ግን ከመካከሉ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደ አንድ ጎን ቢንሸራተት፣ አረፋው መካከል ላይ ሲቆም ሁለቱ ጫፎች የ1.6 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይኖራቸዋል። ይህ እንደ ኢምንት ሊታይ ይችላል። ሆኖም ሠራተኞቹ ዘንጎቻቸውን ሳይለዋወጡ ስድስት ጊዜ ቢራመዱ ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ስለሚደመር፣ «ደልዳላ» የተባለው የ60 ሜትር እርከን በአንድ ጫፉ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ውሃውም ወደዚያ ጫፍ ይሰበሰባል፤ የሚሰበረውም እዚያው ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ የሲባጎው እኩሌታ በቋጠሮ ይታሰር፣ በየርምጃውም የኋላው ዘንግ ወደ ፊት ይለፍ፤ ያን ጊዜ የአንዱ ርምጃ ስሕተት የሌላውን ያጠፋል። በዚሁ መሣሪያ በመቶ ግማሽ ዘንበል ያለ እርከን ለማውጣት ደግሞ አንደኛውን የሲባጎ ጫፍ በዘንጉ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ማሰርና ያንን ዘንግ ምን ጊዜም ውሃው በሚሄድበት ጎን መያዝ ይበቃል። ዘንጎቹ በዚህ ጊዜ ቦታ ሊለዋወጡ ስለማይችሉ የቋጠሮው ትክክለኛነት የበለጠ ያስፈልጋል።

ዘንበል ያለው እርከን በበኩሉ ነጻ ስጦታ እንዳይመስለን። ከአንድ የ60 ሜትር እርከን ራስጌ ያለው ማሳ 600 ካሬ ሜትር ነው፤ በሐምሌው ዝናብ በሜትር 300 ሊትር ከመጣ በጠቅላላው 18 ሜትር ኩብ ውሃ በአንዱ ጫፍ ይወጣል። በዳገቱ ላይ ዐሥር እርከኖች ቢደረደሩ ውሃው 180 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ሁሉም የሚወርደው በአንድ ማፋሰሻ ነው። ማፋሰሻው ባዶ አፈር ከሆነ በአንድ ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ከተለመደው ተገላቢጦሽ መሆን አለበት። መጀመሪያ ማፋሰሻው ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ ሣር ተተክሎበት ቢያንስ አንድ ክረምት ሥር እንዲሰድ ይጠበቃል፤ ከብትም አይገባበትም። እርከኑ የሚቆፈረው ከዚህ በኋላ ነው። ማፋሰሻው በማን መሬት ጠርዝ ያልፋል የሚለውን ደግሞ ባለ ማሳዎቹ ቁፋሮው ሳይጀመር ተቀምጠው ሊስማሙበት ይገባል። ስምምነቱ ካልተገኘና ዝናቡ ከባድ ከሆነ በእኛ አስተያየት በዚያ ዓመት እርከን ሳይቆፈር ቀርቶ በከፍታ መስመሩ ላይ የደሾ ወይም የቬቲቨር ሣር መስመር ቢተከል ይሻላል፤ ሣሩ ውሃውን እያዘገመ ያሳልፈዋል፣ አፈሩን ያስቀራል፣ የሚወስደውም መሬት ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው።