ሚስማሩን ከመንቀልዎ በፊት

ቅዳሜ ጠዋት ነው እንበል። ቤተሰቡ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ሊወርድ ተዘጋጅቷል፤ አንዱ የፊት ጎማ ግን ጎደል ብሏል። ጠጋ ብለው ሲያዩት መሬት በሚረግጠው ገጽ መሃል ላይ ትንሽ ሚስማር ተሰክቷል። ሚስማሩን አይንቀሉት። ቀዳዳውን የደፈነው እሱ ነው፤ ከወጣ አየሩ ወዲያው ሊያልቅ ይችላል።

ትርፍ ጎማ ካለዎት እሱን መቀየሩ ይሻላል። ከሌለዎት በቫልቩ በኩል የሚሞላው የጎማ ማሸጊያ ፈሳሽ ይረዳዎታል። አብዛኞቹ የሚያገለግሉት የውስጥ ጎማ ለሌለው ለቲዩብለስ ነው፤ ቀዳዳውም በመርገጫው ላይ መሆንና ከ6 ሚሊ ሜትር አለመብለጥ አለበት። ፈሳሹንና አየሩን ከሞሉ በኋላ ቆመው አይጠብቁ። ፈሳሹ ወደ ቀዳዳው የሚደርሰው ጎማው ሲዞር ስለሆነ ጥቂት ኪሎ ሜትር በዝግታ ነድተው አየሩን እንደገና ይለኩ። ዳግም ከጎደለ አልያዘም ማለት ነው፤ መንዳቱን ያቁሙ። የያዘ እንደሆነም መንገድዎ ወደ ጎሚስታ እንጂ ወደ ደንገጎ አይደለም።

ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው ሳያወልቅ ማጣበቂያ የተቀባ የጎማ ገመድ ከውጭ በቀዳዳው ሊያስገባ ይችላል። ሥራው በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ብዙ ጊዜም አየር ይይዛል። ችግሩ ውስጡ አለመታየቱ ነው። አየር ጎድሎት የተነዳ ጎማ ጎኑ ከውስጥ ተፈግፍጎ ሊዳከም ይችላል፤ ከውጭ ግን ደህና ይመስላል። ስለዚህ ገመዱ ከተማ ውስጥ በዝግታ ለመንቀሳቀስ ይበቃል። በደንገጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ግን ፍሬን በያዙ ቁጥር ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ይሄዳል፤ ውስጡ ያልታየ የፊት ጎማ ይዞ መውረድ አይመከርም።

ለዚያ መንገድ የሚሆነው ጎማው ወልቆ ከውስጥ የሚደረገው ጥገና ነው። ፈሳሽ ጨምረው ከሆነ ለጎሚስታው አስቀድመው ይንገሩት፤ ልጣፉ እንዲይዝ ውስጡ መታጠብ አለበት። ጎኑ ካልተጎዳ የቀዳዳው ዙሪያ ይሞረዳል፣ ማጣበቂያ ይቀባል፣ ልጣፉ ይለጠፋል። ቀዳዳው ራሱም በጎማ መሞላት አለበት፤ ልጣፍ ብቻ ከሆነ ውሃ ከውጭ ገብቶ በጎማው ውስጥ ያለውን የብረት ሽቦ ያዝጋል። እንጉዳይ የሚመስለው፣ ግንድና ልጣፍ አንድ ላይ ያለው መጠገኛ ሁለቱንም ይሠራል። ጎኑ የተበሳ ወይም የተቀደደ ጎማ ግን በሦስቱም አይድንም፤ ይቀየራል።

ከመክፈልዎ በፊት ቦታው ላይ የሳሙና ውሃ ያስደርጉ፤ አረፋ ከነፋ አየር እየወጣ ነው። በማግስቱም ሳይነዱ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እንደሆነ ይለኩት። አየሩ ካልቀነሰ መንገድዎን ይቀጥሉ።